ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ አጥሚት ለምን ያዞራል?

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «አባቴ ጨጓራው በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፣ ምን እናብላው?» ዛሬ በአንድ ታካሚዬ ታሪክ ልመልስላችሁ።

ሰውየው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ የመንዝ ገበሬ ናቸው። ለዓመታት ሳይታከም የቆየ የጨጓራ ቁስል መውጫውን አጥብቦባቸው የበሉትን ሁሉ ያስመልሳቸው ነበር። አዲስ አበባ ሄደው የጨጓራቸው የታችኛው ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ የቀረው ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ ተገጠመ። ማስመለሱ ቆመ። ቤት ሲመለሱ ግን ሌላ ነገር ጀመራቸው። ከበሉ በኋላ ልባቸው ይመታል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ሆዳቸው ይጮኻል፣ ከዚያ ተቅማጥ። ጎረቤት ምች ነው አለ፣ ሌላው ዓይን ነው አለ። እሳቸው መብላት ፈሩና ከሱ።

እኔ ጋ የመጡ ቀን ነገሩን በዓይኔ አየሁት። ሴት ልጃቸው ለአቅም ብላ የአጃ አጥሚት ማር ጨምራበት በፔርሙስ ይዛ መጥታ ነበር። ወረፋ እየጠበቁ አንድ ትልቅ ኩባያ ጠጡ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ፊታቸው ቀልቶ፣ በላብ ርሰው ገቡ። የልብ ምታቸው በደቂቃ 124 ነበር፤ የደም ስኳራቸው አልወረደም። አስተኛኋቸው፣ ቀስ በቀስ በረደላቸው።

«ዶክተር፣ ማሩን ከራሳችን ቀፎ ነው የቆረጥኩት፤ መጥፎ ነገር የለውም» አለችኝ ልጅቷ። እውነቷን ነው፣ ማሩ ምንም አልነበረበትም። ችግሩ የደረሰበት ፍጥነት ነው።

ወፍጮ ቤት እህሉ ከላይ ቢሞላም ወደ ድንጋዩ የሚወርደው በጠባብ ቀዳዳ ጥቂት በጥቂት ነው። ጤነኛ ጨጓራም እንደዚያ ነው፤ ምግቡን ይዞ ይፈጨዋል፣ ከታች ባለው በር ወደ አንጀት በልክ ይለቀዋል። በሩ ሲወጣ ወይም በሌላ መንገድ ሲታለፍ የጠጣነው ሁሉ በአንድ ጊዜ አንጀት ላይ ይዘረገፋል። ሕመሙም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ዳምፒንግ ሲንድረም ይባላል፣ መዘርገፍ እንደማለት። ብዙ ስኳር ያለበት ፈሳሽ አንጀት ውስጥ ሲዘረገፍ ውሃ ከደም ሥር ወደ አንጀት ይስባል። አንጀት ይወጠራል፣ ደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይቀንሳል፣ ልብ ለማካካስ ይሮጣል። ይህ ከበሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ የሚመጣው የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይመጣል። ስኳሩ በፍጥነት ደም ውስጥ ስለገባ ሰውነት ከመጠን ያለፈ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊኑም ስኳሩን ከልክ በታች ያወርደዋል። እኚህ አባትም ሊሄዱ ሲነሡ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ተያያዘ። አጥሚቱን ከጠጡ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ስንለካ የደም ስኳራቸው 52 ነበር። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥቂት ውሃ በጥብጠን ሰጠናቸው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲሻላቸው የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ በሉ። እንቁላሉ የግድ ነው፤ ስኳሩ ብቻውን ከተወ ያው ዙር እንደገና ይጀምራል። ሰውየው ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ልዩነቱን ቤት ሆናችሁ በሰዓት ታውቁታላችሁ። ወዲያው ከሆነና ሆድ ቁርጠት ካለው የመጀመሪያው ነው፤ መድኃኒቱ መጋደም ነው። ቆይቶ ከመጣ፣ ረሃብና መንቀጥቀጥ ካለው የስኳር መውረድ ነው። የሁለቱም መነሻ ግን ያው ኩባያ ነው።

ስለዚህ ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብለን የአባቷን ቀን እንደ አዲስ ሠራነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንድ እንቁላልና ቁራሽ ዳቦ። አራት ሰዓት ላይ ወፈር ያለ ቂንጬ፣ በቡና ሲኒ ልክ። ሰባት ሰዓት ላይ ሩብ እንጀራ በወፍራም ሽሮ ወይም በምስር። አሥር ሰዓት ላይ አይብ ወይም ጥቂት እርጎ። ማታም እንዲሁ በሁለት ከፍሎ። ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ፣ እያንዳንዱን አላምጠው በሃያ ደቂቃ እንዲበሉት። ወተት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙዎችን ስለሚነፋ እርጎ ይሻላል።

ትልቁ ለውጥ ግን መጠጡ ነው። ከምግብ ጋር ውሃ የለም። ውሃም ሻይም ምግቡ ካለቀ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ያለ ስኳር። ለስላሳ መጠጥ፣ ጭማቂ፣ በስኳር የተበጠበጠ በሶ፣ ማር የገባበት የአብሽ ውሃ ሁሉም ከአጥሚቱ ጋር አንድ ናቸው። አብሽ ራሱ ግን ጥሩ ነው፤ ምግብን ስለሚያወፍር ሽሮው ላይ ጣል ይደረግ። አጥሚቱንም አልከለከልኩም። ማሩ ይውጣ፣ ገንፎ እስኪመስል ይወፍርና በማንኪያ ይበላ አልኩ። (ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ግን ፈሳሽ ብቻ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የቀዶ ሐኪማችሁን ትእዛዝ ተከተሉ፣ ማርና ስኳሩ ግን ያኔም ይቅር።)

ጾም አንሥተው ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ አንድ ጊዜ ጠግቦ መብላት ለዚህ ሰው አይሆንም፤ ለንስሐ አባታቸው እንዲያማክሩ ነገርኳቸው። እንቁላልና አይቡን በጾም ቢተዉት እንኳ በሰዓቱ ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ይብሉ።

ለውፍረት ተብሎ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር የጨጓራ ባይፓስ ያደረጋችሁም ይህ ሁሉ ይመለከታችኋል። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፦ ቫይታሚን ቢ12። እሱን ከምግብ ለመቀበል ጨጓራ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። ጨጓራው ሙሉ በሙሉ የወጣ ሰው ዕድሜ ልኩን መርፌውን መውሰድ አለበት። ጉበት ውስጥ የተከማቸው ለዓመታት ስለሚያቆይ ጉድለቱ ወዲያው አይታይም። ሰው ድኛለሁ ብሎ ክትትሉን ካቆመ በኋላ እግር መደንዘዝ፣ ምላስ መቃጠል፣ ድካም ይጀምራል። ከፊሉ ብቻ የወጣለትም፣ ባይፓስ የተሠራለትም ቢ12ና የብረት መጠኑን በየጊዜው ይመርመር።

መዘርገፍ በአብዛኛው ሰው በወራት ውስጥ ይቀላል። ጥቁር ሰገራ፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ትኩሳት ወይም የመዋጥ ችግር ካለ ግን ይህ መዘርገፍ አይደለም፤ በዚያው ቀን ታዩ።

አባታችን ከሦስት ወር በኋላ ሲመለሱ ሦስት ኪሎ ጨምረው ነበር። ልጅቷ ፔርሙሱን ይዛለች፣ ውስጡ ውሃ ነው። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ቆሎስ?» አሉኝ። በደንብ ካልላመ ተሰብስቦ መውጫውን ሊዘጋ ስለሚችል ለጊዜው ይቆየኝ አልኳቸው። ጠላውን አልጠየቁኝም፤ መልሱን ሳያውቁት አይቀሩም።