የስድስተኛው ቀን መና

አጫጭር የጥሞና ቪዲዮዎችን በየማታው ከሥራ ስመለስ እቀርጽ ነበር። አንዳንድ ቀን ድካም፣ አንዳንድ ቀን የመብራት መጥፋት እያስቀረኝ ተቸገርኩ። ስለዚህ የአንድ ወሩን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ለመጨረስ ተነሣሁ።

ዕቅዱን በደብተር ላይ አሰመርኩ፦ ቁጥር፣ ምንባብ፣ የመክፈቻና የመዝጊያ ዓረፍተ ነገር፣ የምቀመጥበት ቦታ፣ የምለብሰው ሸሚዝ። 5 ሸሚዞች አዘጋጀሁ፤ በእያንዳንዱ 6 ቪዲዮ ተቀረጸ። በሰማያዊው የተቀረጹት በ1፣ በ6፣ በ11፣ በ16፣ በ21 እና በ26ኛው ቀን ይወጣሉ፤ ሌሎቹም እንዲሁ በየአምስት ቀኑ ይመለሳሉ። ጥቃቅን መስመር ያለውን ሸሚዝ ተውኩት፤ በካሜራ ላይ ይርገበገባል። በመስኮት ብርሃን ስለምቀርጽ የስልኩን ብርሃን ቆለፍኩት፤ ደመና ሲመጣ ግን እንደገና አስተካክላለሁ። «ዛሬ ሰኞ ነው» የሚል ቃልም አልተናገርኩም።

ሥራው ሁሉ አለቀ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳየው ግን 19ኛው ላይ ልቤ ቆመ። ምንባቡ መዝሙር 13 ነበር፤ ዳዊት እስከ መቼ እያለ ወደ እግዚአብሔር የሚጮኽበት። እኔ ግን ቀደም ብዬ ስለ ደስታ ተናግሬ ስለነበር ያው ፈገግታ ፊቴ ላይ ቀርቷል። ዓይኔን ጨፍኜ ድምፄን ብቻ ሰማሁት፤ የሚያነብ እንጂ የሚጸልይ ሰው ድምፅ አልነበረም። በጉባኤያችን ልጇን በቅርቡ የቀበረች እናት አለች። ይህን ቪዲዮ ብታየው ምን ትላለች? አጠፋሁት።

ስህተቴ ምንባቦቹን በሸሚዝ ብቻ ማሰባሰቤ ነበር። አሁን የለቅሶና የንስሓ መዝሙሮችን በአንድ ሸሚዝ፣ ጠዋት ድምፄ ሳይደክም እቀርጻለሁ። ሸሚዝ በቀየርኩ ቁጥር ማይኩን አጥፍቼ የሚቀጥለውን ምንባብ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ከዚያ እጀምራለሁ። ቀኑ በአንድ ሰዓት ያህል ይረዝማል፤ ይርዘም።

ደግሞም አምስተኛውን ሸሚዝ አስቀረሁት። 24 ብቻ እቀርጻለሁ። 5ኛው፣ 10ኛው፣ 15ኛው ቀን፣ እስከ 30ኛው ድረስ ስድስቱ ባዶ ይቆያሉ፤ በዚያው ሳምንት ጌታ በቤታችን ወይም በጉባኤው የሚያሳየኝን እናገርባቸዋለሁ።

አንድ ወንድም «ቃሉን አስቀድሞ ማከማቸት መናን እንደ ማሳደር አይሆንም ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ልክ ነው። በዘጸአት 16 ሕዝቡ ለነገ ያሳደረው መና ተልቷል። በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ እንዲለቅሙ ታዘዙ፤ ያደረውም አልሸተተም። የቅዳሜው ቀረጻ ለእኔ እንደዚያ ነው። በተቀሩት ቀናት ግን የራሴን መና ለመልቀም አሁንም ማለዳ መውጣት አለብኝ፤ የተቀረጸው ቪዲዮ ለእኔ አይጸልይልኝም።

ጸጋው ይብዛላችሁ።