ነጎድጓዱ ሳይሰማ

ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን በምትገኘው ትንሽ ሱቄ ውስጥ ሬዲዮ ከጧት እስከ ማታ አይጠፋም። ደንበኞቼ የሚወዱት የዙሉ ቋንቋ ጣቢያ ስለሆነ እኔም እሱኑ አዳምጣለሁ። በ2009 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ማግስት ዳቦ ስደረድር ከሬዲዮው ነጎድጓድ ተሰማ። ቀጥሎ አንድ ጎርናና ድምፅ መናገር ጀመረ። ከንግግሩ መካከል ሁለት ቃላት ለይቼ ያዝኩ፤ «ኢምቤዉ» እና «ኢምቩላ»። ዘርና ዝናብ ማለት ነው። የዘር ኩባንያ ማስታወቂያ ነበር። ዝናቡ ሳይገባ ምርጥ ዘር ግዙ ይላል።

ዳቦውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ነጎድጓዱን አውቀዋለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት እኔም ያንኑ ነጎድጓድ ማስታወቂያ ውስጥ አስገብቼ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ሜጫ ወረዳ፣ መርዓዊ አካባቢ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። ከዚያ በፊት የምርጥ ዘር አሠራሩ ሌላ ነበር። ገበሬው የሚፈልገውን ዘር እኛ ጋ ያስመዘግባል፤ እኛ ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ይልካል። ከዚያ በኮታ ተደልድሎ በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ይመጣል። ገበሬው የጠየቀውን ሳይሆን የደረሰውን ይወስዳል። ቀጥታ የዘር ግብይት የተባለው አሠራር በአማራ ክልል በሙከራ ሲጀመር ግን አምራቾቹ በወኪል በኩል ራሳቸው ይሸጡ ጀመር። ሻጭ ካለ ደግሞ ማስታወቂያ አለ። አንድ ወኪል ለሬዲዮ የሚሆን የሠላሳ ሰከንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅለት ለመነኝ፤ የገበሬውን ቋንቋ ታውቃለህ ብሎ።

ሠላሳ ሰከንድ ረጋ ብሎ ለሚናገር ሰው ሃምሳ ቃል ገደማ ነው። እኔ ግማሹን በነጎድጓድና በምርት እድገት ጨረስኩት። «ዝናቡ ሳይገባ ምርጥ ዘርዎን ይግዙ» ብዬ ዘጋሁ። ሲተላለፍ ራሴ ደስ ብሎኝ አዳመጥኩት።

በሳምንቱ አንድ አዛውንት ጣቢያው ድረስ መጡ። ሁለት ቃዳ የበቆሎ መሬት ያላቸው ጠንካራ አራሽ ናቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና፣ «ልጄ፣ ያ ሬዲዮ ያንተ ነው አሉ» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ነጎድጓድ ያሰማል። እኔ ነጎድጓድ ስሰማ ዘሩ እቤቴ መሆን አለበት። ያኔማ በሬ ልጠምድ ነው እንጂ ገበያ ልወጣ ነው? ደግሞ ዝናቡ ሳይገባ ይላል። ዝናቡ የሚገባበትን ቀን ለሬዲዮው ማን ነገረው?»

መልስ አጣሁ። እሳቸው ግን ሊወቅሱኝ አልነበረም የመጡት። ለሁለት ቃዳ ስንት ኪሎ እንደሚበቃና የትኛውን ዓይነት እንደሚገዙ ሊጠይቁኝ ነበር። ማስታወቂያዬ ሁለቱንም አልተናገረም።

ወረቀት አውጥቼ አብረን አሰላን። አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው። በቆሎ በሄክታር 25 ኪሎ ዘር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለአንድ ቃዳ ስድስት ኪሎ ከሩብ፣ ለሁለቱ ደግሞ 12 ኪሎ ተኩል። ይህ ልክ የአንድ ከረጢት ዘር ነው። ለእሳቸው ከፍታ ቢኤች 660 የተባለው ዝርያ ይስማማል፤ ግን ለመድረስ አምስት ወር አልፎ ይፈጅበታል። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ሰኔ አጋማሽ ላይ ከተዘራ፣ ፍሬው ሳይጠነክር ዝናቡ ሊወጣ ይችላል። ከእሱ ግማሽ ወር ያህል ቀድሞ የሚደርሰው ቢኤች 540 ነው። ስለዚህ ቀኑ የገበያ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የሚገዛውን ዓይነትም ይወስናል።

«ከአምናው ምርት ዛላ ዛላውን መርጬ ብዘራስ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ገበሬ የለም። ቢኤች 660 ዲቃላ ነው፤ ወላጆቹ ተለይተው ተዘርተው፣ የእናቲቱ ወንዴ አበባ ሳይበተን ተነቅሎ፣ በየዓመቱ እንደገና የሚዳቀል። ያ ብርታት ከመጀመሪያው ትውልድ ጋር ነው። ልጁን መልሰው ሲዘሩት አንዱ ቁመቱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፤ አንዱ ቀድሞ ያብባል፣ አንዱ ዘግይቶ፤ ምርቱም በግልጽ ይቀንሳል። የማያምን ሰው ሁለት መስመር ጎን ለጎን ዘርቶ ሐምሌ መጨረሻ ቢያይ በዓይኑ ይፈርዳል።

ወኪሉን ለምኜ ማስታወቂያውን እንደገና ጻፍኩት። ነጎድጓዱ ወጣ፤ በምትኩ የጅራፍ ድምፅና የአራሽ ጥሪ ገባ። ያ የበጋ እርሻ ድምፅ ነው፤ ሲሰሙት ገና ጊዜ እንዳለ ያውቃሉ። «ዝናቡ ሳይገባ» የሚለውም ወጣ። በቦታው «ከሚያዝያ ጊዮርጊስ እስከ ግንቦት ልደታ» አልኩ፤ ሚያዝያ 23 እና ግንቦት 1 ማንም የማይስታቸው ቀናት ናቸውና። ለአንድ ቃዳ ስድስት ኪሎ ከሩብ የሚለው ገባ። መጨረሻ ላይ፣ «ከረጢቱ ስፌቱ ያልተነካ መሆኑን አይተው ይግዙ» አልኩ። ያን ሰሞን የእህል በቆሎ ቀለም ነክረው እንደ ምርጥ ዘር የሚሸጡ ነበሩ። እውነተኛው ዘር በወንፊት የተለየ ስለሆነ ፍሬው እኩል እኩል ነው፤ የተቀባው እህል ግን ትልቅና ትንሽ፣ አልፎ አልፎም ነቀዝ የበላው ይገኝበታል። ሰዓቱንም ለወጥነው፤ ማታ ሰው ደክሞት ከሚተኛበት ይልቅ ንጋት ላይ፣ በሬ ሳይወጣ።

ዘሩ ግን በሰዓቱ አልገባም። መጋዘኑ የተከፈተው ልደታ አልፎ ነው። በሬዲዮ የጠራኋቸው ሰዎች መጥተው በር ላይ ቆሙ። አዛውንቱም ነበሩ፤ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር አምናለሁ፤ ዘሩ መጋዘን መግባቱን በዓይን ሳያዩ ቀን መጥራት ገበሬን በር ላይ ማቆም ነው።

እዚህ ወቅቱ ተገላቢጦሽ ነው። በእኛ አገር እሸት በሚበላበት መስከረም፣ በዚህ ምድር በቆሎ ሊዘራ ነው። ዝናቡ በጥቅምት ይገባል። ከዳቬይተን ወደ ምሥራቅ ወደ ደልማስ ሲሄዱ መንገዱ ግራና ቀኙ ሰፊ የበቆሎ እርሻ ነው። በታውንሺፑ ውስጥም ቢሆን ሰው በግቢው ጥግ ጥቂት መስመር በቆሎና ዱባ ይዘራል።

ከሱቄ አጠገብ የምትኖር አንዲት ጎጎ አለች፤ አያት ማለት ነው፣ ሁሉም እንዲያ ይላታል፣ እኔም እንዲሁ። ማስታወቂያው ምን እንደሚል እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። አድምጣ፣ «ነጋዴው ግዙ ይላል። እኔ ደግሞ መግዛት አለብኝ ወይ እያልኩ ነው» አለችኝ። ከአምና ያስቀረችው ዘር ነበራት።

ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኋት። ከእናቷ ጀምሮ ከዓመት ዓመት የሚዞር ነጭ በቆሎ ነው። እንግዲያው ዲቃላ አይደለም፤ ራሱን ይተካል። ለትልቁ እርሻ የተነገረው ማስታወቂያ ለእሷ አራት መስመር አልነበረም። የሚቀረው ዘሩ ሕያው መሆኑን ማወቅ ነበር። አሥር ፍሬ ቆጥራ ሰጠችኝ። እርጥብ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ ጠቀለልኩና በሳህን አድርጌ ከመደርደሪያው በታች ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጥኩት፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ጧት ጧት ውኃ እረጫለሁ። በስድስተኛው ቀን አብረን ፈታነው። ዘጠኙ ነጭ ሥር አውጥተዋል፤ አንዱ ሻግቷል። ከአሥር ሰባት ቢሆን ኖሮ ዘሩን ጠጋ ጠጋ አድርጊ እላት ነበር፤ ከዚያ ካነሰ ደግሞ ግዢ።

«አትግዢ» አልኳት።

ጥቅምት ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ የሱቁ ቆርቆሮ በእውነተኛ ነጎድጓድ ተንቀጠቀጠ። ሬዲዮው በዝናቡ ተዋጠ። ዝናቡ ባባራ ማግስት በሩ ላይ ቆሜ ሳይ ጎጎ ዶማዋን ይዛ፣ ጎድጓዳ ሳህኗን በክንዷ አቅፋ ወደ ግቢዋ ጥግ ትሄድ ነበር። ዘሩ እቤቷ ነበር።