ከፋውንዴሽን በፊትና በኋላ፦ ፕራይመርና ስፕሬይ ለኪሳችን ያስፈልጋሉን?

የምረቃ ቀን በተቃረበ ቁጥር በመኝታ ክፍላችን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም ፋውንዴሽን ብቻውን ይበቃል ወይስ ከሥሩ ፕራይመር፣ ከላዩ ደግሞ ሴቲንግ ስፕሬይ ይጨመር የሚል ነው። ሁለቱም የየራሳቸውን ዋጋ ስለሚጠይቁ፣ ነገሩን ሳናጣራ ገንዘብ ማዋጣት አልፈለግንም።

ከፕራይመር እንጀምር። የተለመደው ለስላሳ ዓይነት በአብዛኛው ሲሊኮን ሲሆን፣ በዕቃው ጀርባ «ዳይሜቲኮን» ተብሎ ይጻፋል። ሸካራውን የቆዳ ክፍል ለጊዜው ሞልቶ ያስተካክላል፤ ፋውንዴሽኑም እኩል ይዳረሳል። የቆዳን ቀዳዳ ግን አያጠብም፣ ላብም አያቆምም። ይኸው ዳይሜቲኮን በብዙ የፊት ክሬሞች ውስጥም ይገኛል። ታዲያ ክሬማችን ካለው ሌላ መግዛት ለምን?

ስፕሬዩ ደግሞ በውሃና በአልኮል የሟሟ ሙጫ መሰል ነገር አለው። ፈሳሹ ሲደርቅ ስስ ሽፋን ትቶ ሜካፑን ይይዛል። ውሃና ግሊሰሪን ብቻ ያለበት ግን የፓውደሩን ዱቄትነት ያጠፋል እንጂ አይዝም።

ይህን ለማየት በማስተማር ልምምድ ሰሞን የአንዷን ጓደኛችንን ፊት ለሁለት ከፈልነው! በቀኝ በኩል የአተር ፍሬ የምታህል ፕራይመር፣ በግራ የዘወትር ክሬሟን ቀባናት፤ 5 ደቂቃ ቆይተን ሁለቱንም ጎን አንድ ዓይነት ፋውንዴሽን ቀባን። እኩለ ቀን ላይ ቀኙ ከአፍንጫዋ አጠገብ ለስለስ ብሎ ታየ። ከመጨረሻው ዴስክ ሆኖ ልዩነቱን የለየ ግን አልነበረም፤ ግንባሯም በሁለቱም በኩል ወዝቷል።

በማግስቱ ግራውን በወረቀት ከልለን፣ ዓይኗን አስጨፍነን፣ ከ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቀኙን ብቻ ስፕሬይ አደረግነው። ማታ ነጭ ሶፍት ጉንጮቿ ላይ ስንጫን ግራው ይበልጥ ቀለም ለቀቀ። እንግዲህ ስፕሬዩ ከመነካካት ይከላከላል ማለት ነው፤ ወዙን ግን የሚያነሣው ሶፍት ነው።

ክሬሙ ሳይደርቅ ፋውንዴሽን ከተደረበ፣ ወይም ከሥሩ ያለው ሲሊኮን ከበዛ፣ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተጠቀለለ ይነሣል። ስለዚህ ሁለቱን ቀድሞ በእጅ ጀርባ ላይ መሞከር ነው። ቆዳው የቆሰለ ወይም በጣም የደረቀ ሰው አልኮል ያለበት ስፕሬይ ያቃጥለዋል። የጸጉር ስፕሬይማ በጭራሽ ፊት ላይ አይነፋም፤ ለዚያ አልተሠራም።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ለክፍል ቀን ሁለቱም ይቅሩ፣ ክሬምና ሶፍት ይበቃሉ። ለምረቃ ግን አንድ ስፕሬይ በጋራ እንገዛለን፤ ጣት ስለማይገባበት ለብዙ ሰው ይሆናል። የተረፈው ገንዘብ ከቆዳችን ቀለም ጋር ለሚስማማ ፋውንዴሽን ይዋል፤ ያልተስማማውን ፕራይመርም ሆነ ስፕሬይ አያስተካክለውምና።