ክርክሩን ጽፌ ውሳኔውን የጣልኩበት ቃለ ጉባኤ

በፍሪላንስ ጋዜጠኝነት ብቻ የቤት ኪራይ አይሸፈንም። ስለዚህ ከሦስት ዓመት ወዲህ ለአንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቦርድ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሥራውን ስቀበል «ስብሰባ መዘገብ የለመድኩት ነው» ብዬ ነበር። የተሳሳትኩትም እዚሁ ላይ ነው።

ነገሩ የአንድ ጄኔሬተር ግዢ ነው። ከሰባቱ የቦርድ አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሥራ አስኪያጁ እስከ 900,000 ብር የሚያወጣ ጄኔሬተር እንዲገዛ ሐሳብ አቀረቡ። አንዲት አባል ገንዘቡ ለደመወዝ መጠባበቂያ ቢቀመጥ ይሻላል ብለው ተከራከሩ፤ ድምፅም ከፍ ከፍ አለ። በመጨረሻ ሰብሳቢው «እንግዲያው ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይሰብሰብና በዝቅተኛው ዋጋ ይገዛ» አሉ። አራት እጅ ደገፈ፣ አንድ ተቃወመ፤ ወዲያው ቡና መጣና ወሬው ተቀየረ።

ማታ ቤቴ ገብቼ የጻፍኩት ይህን ነበር፦

«አንዲት የቦርድ አባል ግዢውን ክፉኛ ቢቃወሙም፣ ከጦፈ ክርክር በኋላ ጄኔሬተር እንዲገዛ መግባባት ላይ ተደርሷል።»

ለዜና ቢሆን ያስኬድ ነበር። ሰብሳቢውም ብዙ ሳያዩ ፈረሙበት። የግዢ ሠራተኛው ግን ስብሰባው ላይ አልነበረም፤ እጁ የገባው ይኸው ወረቀት ብቻ ነው። አንድ ፕሮፎርማ አምጥቶ፣ አስፈርሞ ገዛ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ያቺው የተቃወሙት አባል «ሦስቱ ፕሮፎርማ የታሉ?» ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። ለሠራተኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍ የሚል ሐሳብም ተነሣ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩ፤ «3 ፕሮፎርማ፣ ዝቅተኛው» የሚለው በእርሳስ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ሠራተኛው ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህንኑ ተናገርኩ።

አባሏ ቀጥለው «የእኔስ ተቃውሞ የት ሄደ?» አሉ። «ክፉኛ» እና «የጦፈ» የእኔ ቃላት እንጂ የቦርዱ አልነበሩም። «መግባባት» ደግሞ ከነጭራሹ እውነት አይደለም፤ አንድ የተቃውሞ ድምፅ ነበር። ይህ የክብር ጥያቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበር ዳይሬክተር ጥፋት ከሌለበትና ተቃውሞውን ወዲያውኑ በቃለ ጉባኤ አስመዝግቦ ለኦዲተሮች ካሳወቀ ከኃላፊነት ነጻ ያደርገው ነበር። የእኛ ድርጅት የአክሲዮን ማኅበር ባይሆንም ነገሩ ያው ነው፤ ነገ ጠያቂ ሲመጣ ለሰውየው የሚመሰክርለት ወረቀቱ ነው።

የተፈረመ ቃለ ጉባኤ አይፋቅም፣ አይተካምም። እርማቱ በአዲሱ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲህ ሰፈረ፦

«ባለፈው ስብሰባ የተሰጠው ውሳኔ በሚከተለው ታርሟል። ጄኔሬተር እስከ 900,000 ብር በሆነ ዋጋ እንዲገዛ፤ ግዢው ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ተሰብስቦ በዝቅተኛው ዋጋ እንዲፈጸም ተወስኗል። ድጋፍ 4፣ ተቃውሞ 1፣ ድምፀ ተአቅቦ የለም። የተቃውሞው ምክንያት፦ ገንዘቡ ለደመወዝ መጠባበቂያ ይዋል።»

አንድ ነገር ግን ማረም አልቻልኩም። ፈጻሚው ማን እንደሆነና ግዢው እስከ መቼ እንደሚያልቅ በስብሰባው ላይ አልተነገረም። ያልተባለውን እኔ አሰብኩበት ብዬ ብጽፍ ሌላ ስሕተት እሠራ ነበር። ይህ ክፍተት የሚሞላው ቤት ሄዶ ሳይሆን ሰዎቹ እዚያው እንደተቀመጡ ነው።

ስለዚህ አሁን አንድ አጀንዳ ሳይዘጋ እጄን አወጣለሁ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ውሳኔውን ላንብበው?» እላለሁ። ምን እንደተወሰነ፣ በምን ቅድመ ሁኔታ፣ በስንት ድምፅ፣ ማን እንደሚፈጽመውና እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ አነባለሁ። «ጽሕፈት ቤቱ ይከታተለው» ከተባለ «ከጽሕፈት ቤቱ ማን?» ብዬ እጠይቃለሁ። «በቅርቡ» ከተባለ ቀኑን እጠይቃለሁ። ክርክሩን በሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር አሳጥሬ፣ «አስጠነቀቁ» ወይም «አመኑ» በማለት ፈንታ «ገለጹ» ብዬ አልፋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ሰብሳቢው «አንተ ልጅ፣ አታስረዝመው» ይሉኝ ነበር። ባለፈው ወር ግን አንድ ውሳኔ ሳነብ፣ እጃቸውን አውጥተው ከደገፉት ሁለቱ አባላት እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው የቢሮ ኪራዩ ለስድስት ወር እንዲራዘም፣ ሌላኛው ለዓመት እንዲራዘም ነበር የደገፉት። እንደገና ድምፅ ተሰጠ። ጋሼም ቡናው እስኪያልቅ ታገሡ።