መኪናችን በወር ስንት ትበላለች?

በ2011 ዓ.ም. ሐምዳይት ሳለን አሮጌ ሃይሉክስ ገዛን። ሂሳቡን በብር ነው የያዝነው፤ 600,000 ወጣባት። ወደ ገዳሪፍ ዕቃ ስንጭን ከኪራዩ ነዳጅ ቀንሰን የተረፈውን ሁሉ ትርፍ ብለን በላነው። ጎማው ሲያልቅ ግን ከሰሊጥ መግዣችን ገንዘብ አነሳን። ያኔ ደብተር አወጣን።

በሁለተኛው ዓመት ደላላ ስንጠይቅ 480,000 ታወጣለች አለን። የወረደው 120,000 ለ24 ወር ሲካፈል በወር 5,000 ነው። አራቱ ጎማዎች በ32,000 ተገዝተው 16 የሥራ ወር አገለገሉ፤ በወር 2,000። ዘይት፣ ፊልትሮና ጥገና 3,000። ነዳጅ ሳይጨመር 10,000 ሆነ።

ክረምት ሲገባ ደግሞ የገዳሪፍ ዋልካ መንገዱን ይዘጋል። መኪናዋ ሦስት ወር ብትቆምም ዋጋዋ መውረዱን አይተውም። ያ 15,000 ብር ለዘጠኙ የሥራ ወራት ሲከፋፈል በየወሩ ወደ 1,700 ይጨምራል።

አሁን ከኪራዩ ነዳጁን ከቀነስን በኋላ 11,700 ብር ለብቻው እናስቀምጣለን። ትርፋችን ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ብቻ ነው። ወቅቱን ሙሉ ካልሞላ፣ መኪናዋን ሸጠን ዕቃችንን በሰው መኪና መጫን ይሻለናል።