«እደጊ» በእንግሊዝኛ ቁጣ ነው

ወዳጆች፣ ዛሬ ስለ ሃያ ሰከንድ ድምፅ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው።

ውጭ አገር ያለ ወዳጅ ልጁ ልደት ሲደርስ በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት መላክ የብዙዎቻችን ነገር ሆኗል። ልጁ አማርኛ አይሰማም፤ እኛም አፋችንን የፈታነው በእንግሊዝኛ አይደለም። ታዲያ ምን እንበለው? ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ምርቃት ነው። ምርቃቱን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ስናዞረው ግን ነገር ይበላሻል። «እደጊ» ብለን የምንመርቃትን ሕፃን በእንግሊዝኛ «ግሮው አፕ!» ካልናት ተቆጣናት ማለት ነው። በእነሱ አነጋገር ይህ ቃል በትእዛዝ ሲነገር «የሕፃን ሥራሽን ተዪ፣ አደብ ግዢ» ማለት ነው። በልደቷ ቀን!

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የመርካቶ ጎረቤቴ ጉዳይ ነው። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል፤ እንግሊዝኛቸው የገበያ እንግሊዝኛ ነው፤ ዋጋ ይነግሩበታል፣ ይከራከሩበታል። አንዲት ካናዳዊት አዲስ አበባ ስትሠራ ደንበኛቸው ነበረች፤ እየቆየ ወዳጅ ሆኑ። ስትመጣ ሕፃን ልጇን ይዛ ነው። ልጅቷ ሱቁ ውስጥ ጣቃ ላይ ትወጣለች፣ ቢጫ ጨርቅ ተከናንባ ትደበቃለች፣ እሳቸው ደግሞ እንዳላዩ ሆነው ይፈልጓታል። አሁን ቶሮንቶ ገብተዋል፤ ልጅቷ አምስት ዓመት ልትሞላ ነው። «ቲቸር፣ በገዛ ድምፄ እንኳን አደረሰሽ ልላት ነው፤ እስቲ ይቺን እያት» ብለው በደረሰኝ ጀርባ የጻፉትን ሰጡኝ። ጽሑፉ በእኛው ፊደል የተጻፈ እንግሊዝኛ ነው፤

«ሄሎ፣ ሃው አር ዩ? ሃው ኢዝ ዩር ማዘር? ሃው ኢዝ ዩር ፋዘር? አይ አም ፋይን፣ ታንክ ጋድ። ቱደይ ኢዝ ዩር በርዝደይ። ግሮው አፕ! ጋድ ሜክ ዩ ሪች ኔክስት ይር።»

ባማርኛ መልሳችሁ አንብቡት። ደህና ነሽ ወይ፣ እናትሽ ደህና ናት፣ አባትሽስ፣ እኔ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ልደትሽ ነው፣ እደጊ፣ ለከርሞው ያድርስሽ። አንድም የጎደለው ነገር የለም። የጨዋ ሰው ሰላምታ ነው። ችግሩ ያለው ሰሚዋ አምስት ዓመቷ፣ ቋንቋዋም ሌላ መሆኑ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄዎቹን እንይ። እኛ «እንዴት ነሽ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው» ስንል መልስ ጠብቀን አይደለም፤ ሰላምታው ራሱ እንዲህ ነው የሚሠራው። ትንሽ ልጅ ግን ጥያቄ ስትሰማ ትመልሳለች። ስልኩ «ሃው አር ዩ?» ሲላት «ፋይን» ልትል ነው፤ ያን ጊዜ ድምፁ አልፏት ሄዷል። ሦስት ጥያቄ በተከታታይ ከመጣማ ዋናው እንኳን አደረሰሽ ሳይደርስ ልቧ ወደ ኬኩ ሄዷል። ስለዚህ ለሕፃን በሚላክ ድምፅ ውስጥ ጥያቄ ባይኖር ይሻላል። በጥያቄው ቦታ የልጅቷ ስም ይግባ። ስሟን ከሰማች ቀና ትላለች።

ቀጥሎ «እኔ እገሌ ነኝ» የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ ፊት ለፊት ሲገናኙ «አይ አም» ይባላል፤ በስልክና በድምፅ መልእክት ግን ሰው ራሱን የሚያስተዋውቀው «ዚስ ኢዝ» ብሎ ነው፤ «የምትሰሚው የእገሌ ድምፅ ነው» እንደ ማለት። ለአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ስም ብቻውን አይበቃም። የሰውየውን ስም ረስታው ሊሆን ይችላል፤ ሱቁንና ጨርቁን ግን ታስታውስ ይሆናል። ቢያንስ እናቷ ልታስታውሳት ትችላለች።

ከባዱ ምርቃቱ ነበር። «ለከርሞው ያድርስሽ» ለእኛ ጆሮ ጣፋጭ ነው። በእንግሊዝኛ «እግዚአብሔር ለሚቀጥለው ዓመት ያድርስሽ» ሲባል ግን ሰሚው «ምነው፣ ላልደርስ ነው እንዴ?» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ልጅቷ ታማ ወሬው የደረሰን ያስመስለዋል። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ። እኛ አገር በ1982 ዓ.ም. አካባቢ ከሚወለዱ ልጆች ከአምስቱ አንዱ ገደማ አምስት ዓመት ሳይሞላው ይሞት ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቁጥሩ ከአሥራ አምስት አንድ መድረሱን አሳይቷል። «ያሳድግልሽ»፣ «እደግ»፣ «ለዓመቱ ያድርስህ» የሚሉት ቃላት የተወለዱት ማደግ ራሱ ጸሎት በነበረበት ቤት ነው። ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «እኔ ከአምስት ነው የቀረሁት፤ ሁለታችን ነን ያደግን» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ «ግሮው አፕ»ን እንደ ተራ የቋንቋ ስህተት ላየው አልቻልኩም። ቃሉ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ሙሉ ነው፤ እንግሊዝኛው ነው የሚያጎድለው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዱ መንገድ ምርቃቱን ትቶ «ሃፒ በርዝደይ» ብሎ መዝጋት ነው። ይህ ትክክል ነው፣ ግን የእሳቸው አይሆንም፤ ማንም ሊለው ይችላል። ሌላው መንገድ ምርቃቱን ሳይተረጉሙ ባማርኛ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ልጅቷ የምትረዳውን ይናገር፤ መጨረሻ ላይ «እደጊ» ትምጣ፣ በገዛ ድምፅዋ። ትርጉሙን እናቷ ታስረዳታለች፤ እዚህ ስለኖረች ታውቀዋለች። ሁለታችንም በዚህ ተስማማን። የመጨረሻው ጽሑፍ እንዲህ ሆነ፤ መጀመሪያ የልጅቷ ስም አለ፣ እሱን እዚህ አልጽፈውም፤

«ሄሎ! ዚስ ኢዝ ዩር ፍሬንድ ፍሮም ዘ ክሎዝ ሾፕ ኢን አዲስ አበባ። ሃፒ በርዝደይ! ናው ዩ አር ፋይቭ። አይ ስቲል ሃቭ ዩር የሎው ክሎዝ። ሃቭ ኤ ቢግ ፒስ ኦቭ ኬክ። እደጊ! ባይ ባይ።»

«አዲስ አበባ ካለው የጨርቅ ሱቅ ወዳጅሽ ነኝ፤ እንኳን ተወለድሽ፤ አሁን አምስት ዓመትሽ ነው፤ ቢጫው ጨርቅሽ አሁንም እኔ ጋ አለ፤ ትልቅ ቁራሽ ኬክ ብዪ» ማለት ነው። ሠላሳ ምናምን ቃል ነው፤ ቀስ ተብሎ፣ በየመሃሉ እየተነፈሱ ሲነበብ ሃያ ሰከንድ አይሞላም። ከሁሉም የምወዳት ስለ ቢጫው ጨርቅ የምታወራዋን ነች። እሷን ሌላ ሰው ሊልካት አይችልም።

አሁን አነጋገሩ። ከዚህ ሁሉ ቃል ያስቸገረን «በርዝደይ» ብቻ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ድምፅ በፊደላችን የለም፤ «ዝ» ብለን ብንጽፈውም «ዝ» አይደለም። የምላስን ጫፍ በላይና በታች ጥርስ መሃል አድርጎ አየር ብቻ ማውጣት ነው፤ ጉሮሮ አይነዝርም። እጅን ጉሮሮ ላይ አድርጎ መፈተሽ ይቻላል፤ ከነዘረ «ዝ» ሆኗል። ጎረቤቴ ምላሳቸውን ማውጣት አሳፈራቸው፤ «በዚህ ዕድሜዬ!» አሉ። እንግዲያው «በርፍደይ» ይበሉ አልኳቸው። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ እንግሊዝኛ አፋቸውን የሚፈቱ ብዙ ትንንሽ ልጆች ራሳቸው ያንን ድምፅ «ፍ» ነው የሚሉት። ለአምስት ዓመት ጆሮ ከ«ዝ» ይልቅ «ፍ» ይቀርባል። ዋናው ደግሞ ክብደቱ ነው። እኛ ቃሉን ሚዛኑን እኩል አድርገን «በርዝ ደይ» እንላለን፤ እነሱ መጀመሪያው ላይ ጫን ብለው መጨረሻውን ቀለል ያደርጉታል። ድምፁ ቢዛነፍ እንኳ ክብደቱ ቦታው ላይ ከዋለ ቃሉ ይታወቃል።

ቀረጻው ላይ መርካቶ ራሷ ተቃዋሚ ናት። በር ላይ ሆነው ቢቀዱት ተሸካሚው «ወገድ! ወገድ!» ይላል፣ ረዳቱ ይጣራል፣ ከራጉኤልና ከአንዋር መስጊድም ድምፅ ማጉያ አለ። ለእኛ ጆሮ ይህ ዝምታ ነው፣ ለምደነዋል። ስልኩ ግን አለመደም። ሰው የሚናገረውን ብቻ ለይቶ መስማት ይችላል፤ ማይክ የመጣውን ሁሉ ይወስዳል። ደግነቱ ጨርቅ ነጋዴ የሚቀናበት ስቱዲዮ አለው፤ ጓዳው። ከወለል እስከ ጣራ በተደረደረ ጣቃ መሃል ድምፅ አያስተጋባም፤ ጨርቁ የውጭውንም ጩኸት ይውጠዋል። እዚያ ገባን። ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር አርቀው፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው ያዙት፤ ፊት ለፊት ከሆነ የ«ሃፒ» «ፒ» ትንፋሽ ማይኩን እየመታ «ቡፍ» ይላል። የማይኩን ምልክት ተጭነው ወደ ላይ ሲገፉት ይቆለፋል፤ ከዚያ ጣት ማንሳት ይቻላል። ወዲያው መናገር ግን አይደለም፤ አንድ ትንፋሽ መቆየት ነው። ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የሚቀረው የመጀመሪያው ቃል ነው፣ እዚህ ደግሞ የመጀመሪያው ቃል የልጅቷ ስም ነው። ሳይልኩ በጆሮ ማዳመጫ አንድ ጊዜ መስማት ይህን ያሳያል። በአራተኛው ሙከራ ተሳካልን።

የቀረው ሰዓት ነበር። ኅዳር ላይ ቶሮንቶ ከእኛ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በበጋቸው ሰባት ይሆናል። እሳቸው ሱቅ እንደከፈቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊልኩት ነበር፤ ያ እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ላኩት፤ እዚያ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ልጅ የሚነሳበት። ቀኑንም አረጋገጥን። እሳቸው «ኅዳር 5» ብለው ነው የያዙት፤ የፈረንጁ ኖቬምበር 14 ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ኅዳር ግን ያው ቀን ወደ ኅዳር 4 ይመጣል። በልጅ ልደት ላይ አንድ ቀን መዘግየት ብዙ ነው።

ማታ መልስ መጣ። አራት ሰከንድ ድምፅ ነው። ልጅቷ እንግሊዝኛውን ሁሉ ትታ ያቺኑ አንዲት ቃል መልሳ ላከችላቸው፤ «እደጊ!» አለቻቸው። ሰውየው ስልሳ አልፏቸዋል፣ ቃሉም ለሴት ነው።

«አሜን» አሉ።