ስለ ሕፃን መጠቅለያና ስለ አያት ምክር

በኵር ልጃችን በ2008 ዓ.ም. በተወለደች ጊዜ በቤታችን ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩም ስለ አንዲት መጠቅለያ ጨርቅ ነበረ።

እናቴ ሰባት ልጆች ያሳደጉ ናቸውና ሕፃኗን ራሳቸው ይጠቀልሏት ነበር። ሁለቱን እግሮቿን አቅንተው፣ ጉልበቷን ከጉልበቷ አጋጥመው፣ ከትከሻዋ እስከ ተረከዟ አጥብቀው ይጠመጥሙባታል። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ እግሯ እንዳይጐብጥ ነው፤ ደግሞም ስትጠቀለል ሳትባንን ታድራለች፤ አንተንም ያሳደግሁህ እንዲሁ ነው» አሉኝ። ባለቤቴ ግን ከአዋላጇ የሰማችውን እያነሣች «የሕፃን እግር መታሰር የለበትም» ትል ነበር። እኔም ቀን በፍርድ ቤት የባለጉዳዮችን ቃል ስጽፍ እየዋልሁ፣ ማታ ደግሞ በቤቴ የሁለት ወገን ቃል እሰማ ነበር፤ ነገር ግን እናቴን ላለማስቀየም ብዬ ዝም አልሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ለክትባት በወሰድናት ጊዜ ነርሷ የልጅቱን ጉልበቶች አጥፋ ጭኖቿን ወደ ጐን ከፈተቻቸው። ቀኙ እንደሚገባ ተከፈተ፤ ግራው ግን ከመንገድ ተገታ። ጉልበቶቿን አጥፋ እግሮቿን እኩል ባቆመቻቸውም ጊዜ የግራው ጉልበት ዝቅ ብሎ ታየ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ የዚህ ነገር ክፋቱ ሕፃኑን ስለማያሳምመው ሳይታወቅ መቆየቱ ነው። ወደ ሐኪም ተላክን፤ ዳሌዋም በአልትራሳውንድ ሲታይ የግራው ጭን አጥንት ከማረፊያው ወጣ ብሎ ተገኘ።

ሐኪሙም ነገሩን እንዲህ ሲል አስረዳን። የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የሚያርፈውም በዳሌ አጥንት ጐድጓዳ ውስጥ ነው። በአራስ ልጅ ጐድጓዳው ገና ለስላሳና ጥልቀት የሌለው ነው። ጉልበቱ ታጥፎ ጭኖቹ ሲከፈቱ ክቡ ራስ ወደ ውስጥ ገብቶ ጐድጓዳውን እያበጀው ያድጋል። እግሮቹ በግድ ቀንተው አንድ ላይ ሲታሰሩ ግን ወደ ጠርዙ ይገፋል። የአራስ እግር መጕበጥ ደግሞ በማሕፀን ታጥፎ ስለ ኖረ ነው እንጂ ጕድለት አይደለም፤ ልጁ ሲያድግ በራሱ ጊዜ ይቀናል።

እናቴ ይህን በሰሙ ጊዜ እንባቸው መጣ፤ «እንግዲያማ ልጅቱን የጐዳኋት እኔ ነኛ!» አሉ። ሐኪሙም «እማማ፣ እንደዚያ አይበሉ፤ ልጅቱ ሴት ናት፣ በኵር ናት፣ የተወለደችውም በመቀመጫዋ ነው፤ ሦስቱም ለዚህ የሚያጋልጡ ናቸው። ጨርቁ ብቻውን አመጣው ብዬ አልፈርድም፤ ነገር ግን የላላውን አጥንት ይብስ ያስወጣዋል» አላቸው። ቀጥሎም «ለመሆኑ አንቀልባ አለዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። እናቴ ተገርመው «ያለ አንቀልባ ልጅ ይታዘላል እንዴ?» አሉ። «እንግዲያስ መልካም። በአንቀልባ የታዘለ ልጅ ጭኖቹ በአዛይዋ ወገብ ግራና ቀኝ ተከፍተው፣ ጉልበቱም ታጥፎ ነው የሚቀመጠው፤ እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው» አላቸው።

ለልጅቱም እግሮቿን አጥፎና ከፍቶ የሚይዝ፣ በፈጠረው የቼክ ሐኪም ስም የፓቭሊክ ማሰሪያ የሚባለው ተደረገላት። 12 ሳምንት ለበሰችው፤ አጥንቱም በቦታው ረጋ። እስክትራመድ ድረስ ሳይታወቅ ቢቆይ ኖሮ ታነክስ ነበር፤ ለመዳንም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋት ይችል ነበር።

እንዲህ ያለው ክርክር በእኛ ቤት ብቻ የተነሣ አይደለም። በጃፓንም የሕፃናትን እግር አቅንቶ መጠቅለል የቆየ ልማድ ነበረ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ለእናቶችና ለአያቶች ይህን እንዲተዉ ትምህርት መስጠት ተጀመረ፤ አስቀድሞ ከመቶ ሕፃናት ቢያንስ አንዱን ያገኝ የነበረው የዳሌ መውለቅም ከሺህ ከሁለት በታች ወረደ።

እናቴ መጠቅለልን አልተዉም፤ መተውም አላስፈለጋቸውም፤ ሕፃን ሲጠቀለል እንደማይባንን ሐኪሙም መስክሮላቸዋልና። ሁለተኛው ልጃችን ሲወለድ ግን አጠቃለላቸውን ለወጡ። ከላይ ክንዶቹን ሰብሰብ ያደርጋሉ፤ በደረቱና በጨርቁ መካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ያህል ይተዋሉ፤ ከወገቡ በታች ጉልበቱን አጥፎ እንዲራገጥ ጨርቁን እንደ ከረጢት ያሰፉለታል። ሲተኛም በጀርባው ያስተኙታል። ለመገልበጥ መሞከር በጀመረ ጊዜ መጠቅለሉን ፈጽመው ተዉ፤ የተጠቀለለ ሕፃን በደረቱ ቢገለበጥ ፊቱን ማዞር ተስኖት ሊታፈን ይችላልና።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፣ በቤታችሁ አራስና አያት ያላችሁ እንደ ሆነ ጨርቁን ከአያቲቱ እጅ አትንጠቁ፤ ጉልበቱ የሚታጠፍበትን ስፍራ ብቻ በአክብሮት አሳዩአቸው። የሕፃኑም አንዱ ጭን እንደ ሌላው አልከፈት ያለ እንደ ሆነ፣ እኔ እንዳደረግሁት ለይሉኝታ ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ በዚያው ሳምንት ለሐኪም አሳዩት።